የይፋት ነጎድጓድ፦ ደመናው እንዴት ይገነባል፣ መብረቁስ ሰውን እንዴት ያገኛል

ሸዋ ሮቢት ከባሕር ወለል በላይ 1,280 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። ከከተማዋ ወደ ደቡብ ምዕራብ፣ በቀጥታ ቢለካ ሠላሳ ኪሎ ሜትር በማይሞላ ርቀት፣ ጣርማ በር ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ቆሟል። መንገደኛ በዚህች አጭር ርቀት ውስጥ ማሽላና ማሾ ከሚዘራበት ቆላ ተነሥቶ ገብስ ከሚበቅልበት ደጋ ይደርሳል። ይህ ገደላማ ግድግዳ የስምጥ ሸለቆው ምዕራባዊ ጠርዝ ነው። በይፋት ቆላ ነጎድጓድ በየትኛው ሰዓትና በየት በኩል እንደሚጀምር የሚወስነውም በአብዛኛው እሱ ነው።

ነጎድጓዳማ ደመና እንዲፈጠር ሦስት ነገሮች መገናኘት አለባቸው፦ እርጥበት ያለው አየር፣ ከታች ሞቃት ከላይ ቀዝቃዛ የሆነ ሰማይ፣ እንዲሁም አየሩን ከመሬት አንሥቶ ወደ ላይ የሚገፋ ኃይል። በበልግ ወራት እርጥበቱ ከምሥራቅና ከደቡብ ምሥራቅ፣ ከሕንድ ውቅያኖስና ከአረብ ባሕር በኩል ይመጣል። ነፋሱ ቆላውን አቋርጦ ሲደርስ የሚያገኘው የደብረ ሲናን ተራሮች ስለሆነ ከመውጣት በቀር ሌላ መንገድ የለውም። በክረምትም ነጎድጓድ አይጠፋም፤ ሆኖም ሰማዩ ቀኑን ሙሉ በደመና ተሸፍኖ ሲውል መሬቱ ብዙም ስለማይሞቅ ዝናቡ ረጋ ይላል። ብርቱው መብረቅ የሚበዛው ፀሐይና ዝናብ በሚፈራረቁበት ጊዜ፣ በበልግና በክረምቱ መግቢያና መውጫ ላይ ነው።

የገደሉ ፊት ወደ ምሥራቅ መሆኑ ትልቅ ነገር ነው። የጠዋት ፀሐይ ሜዳውን ገና በሰያፍ ስትነካው ተዳፋቱን ፊት ለፊት ትመታዋለች። ተዳፋቱ ቀድሞ ስለሚሞቅ እሱን የነካው አየርም ይሞቃል፤ በዚያው ከፍታ ላይ፣ ከሜዳው በላይ ካለው አየር ይልቅ ይቀላል፤ ከዚያም ወደ ላይ ይሄዳል። የቆላው አየር ደግሞ የተለቀቀውን ቦታ ለመሙላት እየተከተለ ሽቅብ ይነፍሳል። ስለዚህ በሸዋ ሮቢት ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ፣ ከረፋዱ አምስትና ስድስት ሰዓት ላይ የመጀመሪያዎቹ ነጫጭ ደመናዎች በጣርማ በርና በደብረ ሲና አናት ላይ ብቅ ይላሉ።

ነገሩን በቁጥር ለማየት አንድ ተራ የበልግ ቀን ይወሰድ። በሸዋ ሮቢት ሜዳ ላይ ከቀትር በኋላ ያለው ሙቀት 32 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው እንበል። አየሩ የያዘው እርጥበት ደግሞ ወደ 14 ዲግሪ ቢቀዘቅዝ ጤዛ መሆን የሚጀምር ነው። ወደ ላይ የሚወጣ አየር የሚጫነው አየር እየቀነሰ ስለሚሄድ ይሰፋል፤ ሲሰፋም ይቀዘቅዛል፤ በየአንድ ኪሎ ሜትሩ አሥር ዲግሪ ያህል። የጤዛው መነሻ ሙቀትም ከፍታው ሲጨምር በዝግታ ዝቅ ስለሚል፣ ሁለቱ የሚገናኙት ከሜዳው በላይ በ2,250 ሜትር ገደማ፣ ማለትም ከባሕር ወለል በላይ በ3,500 ሜትር አካባቢ ነው። የደመናው እግር የሚቆመው እዚያ ላይ ነው። ከሜዳው ሆኖ ለሚያይ ሰው እንዲህ ያለው ደመና ከጣርማ በር ጥቂት ከፍ ብሎ፣ ከታቹ ጠፍጣፋ ሆኖ ይታያል። የአየሩ እርጥበት በጨመረ ቁጥር ይህ ወለል ዝቅ ይላል። ተራራው ከቀትር በፊት በደመና ከተሸፈነ፣ የዕለቱ አየር ብዙ ውሃ ተሸክሟል ማለት ነው።

ደመናው ከተጀመረ በኋላ ራሱን በራሱ ማሳደግ ይችላል። ተኑ ወደ ውሃ ጠብታ ሲለወጥ፣ ቀድሞ በተነነበት ጊዜ የወሰደውን ሙቀት መልሶ ይለቅቃል። በዚህ ምክንያት በደመናው ውስጥ የሚወጣው አየር የሚቀዘቅዘው በዝግታ፣ በኪሎ ሜትር አምስት ዲግሪ ያህል ብቻ ነው። በዙሪያው ያለው አየር ከዚህ በፈጠነ መጠን የሚቀዘቅዝ ከሆነ፣ የደመናው አየር ወደ ላይ በወጣ ቁጥር ከጎረቤቱ የበለጠ ሞቃትና ቀላል ሆኖ ይገኛል፤ የሚያቆመውም የለም። በምሳሌው ቀን ዜሮ ዲግሪ የሚደረሰው በ5,500 ሜትር ገደማ ነው። ብርቱ ደመና ይህን አልፎ 12፣ አንዳንዴም 15 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። እዚያ ከላይ ያለው አየር ከደመናው ይልቅ ሞቃት በመሆኑ ጉዞው ይገታል፤ የደመናው አናት ወደ ጎን ተዘርግቶ እንደ አንጥረኛ መስፍ ጠፍጣፋ ይሆናል። ይህ ቅርጽ ከታየ ደመናው ከዝናብ ደመናነት አልፎ የመብረቅ ደመና ሆኗል።

የሚወርደው ዝናብና በረዶ አየሩን ይዞ ይወርዳል። ከጠብታዎቹ ከፊሉ ደረቅ አየር ውስጥ ሲገባ ይተንና አካባቢውን ያቀዘቅዛል፤ የቀዘቀዘውም አየር ስለሚከብድ ቁልቁል ይወረወራል። መሬት ሲደርስ በሁሉም አቅጣጫ ይበተናል። ዝናቡ ከመድረሱ ጥቂት ደቂቃዎች ቀደም ብሎ አቧራ እያስነሣ የሚመጣው ቀዝቃዛ ነፋስ ይህ ነው። ከተራራው የወረደ ነፋስ በሜዳው ላይ ያለውን ሞቃት አየር ከሥሩ ገብቶ ሲያነሣው አዲስ ደመና ይወለዳል። ረፋዱን ተራራ ላይ የተጀመረው ነጎድጓድ ከሰዓት በኋላ ዘጠኝና አሥር ሰዓት ላይ ቆላው ድረስ የሚወርደው እንዲህ እየተቀባበለ ነው። አንዱ ደመና ብቻውን ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ቢቆይ ነው፤ የሚወርደው ቀዝቃዛ አየር የሚመግበውን ሞቃት አየር ሲቆርጥበት ይከስማል። ምሽቱን የሚያረዝሙት ተተኪዎቹ ናቸው።

መብረቁ የሚዘጋጀው ዜሮ ዲግሪ ከሚደረስበት ከፍታ በላይ ባለው የደመናው ክፍል ነው። እዚያ ሦስት ዓይነት ውሃ ተቀላቅሎ ይገኛል፦ ቀላል የበረዶ ቅንጣት፣ ከበድ ያለች ለስላሳ የበረዶ እንክብል፣ እንዲሁም ከዜሮ በታች ቀዝቅዞም ገና ያልረጋ የውሃ ጠብታ። ቀላሉ ቅንጣት በነፋሱ ወደ ላይ ሲወጣ፣ ከባዷ እንክብል ደግሞ ወደ ታች ስትወርድ ወይም ባለችበት ስትንሳፈፍ እየተጋጩ ያልፋሉ። ሙቀቱ ከዜሮ በታች ከ10 እስከ 20 ዲግሪ በሆነበት አካባቢ ግጭቱ ብዙውን ጊዜ እንክብሏን አሉታዊ፣ ቅንጣቱን አዎንታዊ የኤሌክትሪክ ሙል ያስይዛቸዋል። ነፋሱ አንዱን ወደ አናት ወስዶ ሌላውን መካከል ላይ ስለሚተወው ሁለቱ ሙሎች ይለያያሉ። የዚህ ግጭት ዝርዝር እስከ ዛሬ ድረስ የሳይንቲስቶች የምርምር ርዕስ ቢሆንም፣ ውሃው ያልረጋበት፣ እንክብል የሌለበት ደመና መብረቅ እንደማይወልድ ግን በግልጽ ይታወቃል። የጉም ዝናብ ቀኑን ሙሉ ሲያካፋ ነጎድጓድ የማይሰማው ለዚህ ነው።

በደመናው መካከል የተከማቸው አሉታዊ ሙል ከሥሩ ያለውን መሬት አዎንታዊ ያደርገዋል። አየር ኤሌክትሪክ የማያሳልፍ ስለሆነ ልዩነቱ እየጨመረ ሚሊዮኖች ቮልት ይደርሳል። አብዛኛው መብረቅ የሚያልቀው እዚያው ደመናው ውስጥ ነው። ወደ መሬት የሚመጣው ግን እንዲህ ይጀምራል፦ ከደመናው ሥር ለዓይን የማይታይ ጭረት፣ በየሃምሳ ሜትሩ ያህል እየቆመና እየተቀጣጠለ፣ እየተገነጠለም ይወርዳል። ሊደርስ አንድ መቶ ሜትር ገደማ ሲቀረው ከመሬት ከፍ ብለው ከቆሙ ነገሮች፣ ከዛፍ፣ ከምሰሶ፣ ከሰው ራስም ጭምር፣ ሌሎች ጭረቶች ወደ ላይ ይነሣሉ። ቀድሞ የተገናኘው መንገዱን ሙሉ ያደርገዋል። በዚያች ቅጽበት በአሥር ሺዎች የሚቆጠር አምፔር ይፈስሳል፤ ዓይን የሚያየው ብልጭታ ይህ ነው። ብርሃኑ የሚገሠግሠው ከመሬት ወደ ደመና ቢሆንም ከፍጥነቱ የተነሣ ማንም ሊለየው አይችልም። ብዙውን ጊዜ ሦስት ወይም አራት ምት በአንዱ መንገድ ተከታትሎ ስለሚያልፍ ብልጭታው የሚርገበገብ ይመስላል።

መንገዱ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ብቻ ስፋት ያለው ሲሆን በውስጡ ያለው አየር ወደ 30,000 ዲግሪ ይሞቃል፤ የፀሐይ ገጽ ካለው ሙቀት አምስት እጥፍ ማለት ነው። እንዲህ በድንገት የሞቀ አየር ፈንድቶ ይሰፋል፤ ነጎድጓድም የዚያ ፍንዳታ ድምፅ ነው። አጠገብ የወደቀ መብረቅ አንድ ጊዜ ጧ ብሎ ያበቃል። የሩቁ ግን የሚያጉረመርመው፣ ኪሎ ሜትሮች በሚረዝመው መንገድ ላይ ካሉት የተለያዩ ነጥቦች ድምፁ በተለያየ ጊዜ ስለሚደርስ ነው። በይፋት ደግሞ ገደሉ ድምፁን መልሶ ስለሚያስተጋባ ጉርምርምታው ይረዝማል።

ብርሃን ወዲያው ይደርሳል፤ ድምፅ ግን አንድ ኪሎ ሜትር ለመጓዝ ሦስት ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል። ስለዚህ ከብልጭታው እስከ ድምፁ ያለውን ሰከንድ ቆጥሮ ለሦስት ያካፈለ ሰው ርቀቱን በኪሎ ሜትር አገኘ ማለት ነው። አሥራ አምስት ሰከንድ ከሆነ መብረቁ የወደቀው አምስት ኪሎ ሜትር ላይ ነው። ቆጠራው ግን ሊያዘናጋ አይገባም። አንዱ ምት አምስት ኪሎ ሜትር ላይ ወድቆ ተከታዩ እዚህ ሊወድቅ ይችላል። ከደመናው አናት ተነሥቶ ዝናቡ ካለበት ከአሥር ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ፣ ሰማዩ ክፍት በሆነበት ስፍራ የሚወርድ መብረቅም አለ። ነጎድጓድ የሚሰማ ሰው ሁሉ በአደጋው ክልል ውስጥ ነው። ከብልጭታ እስከ ድምፅ ያለው ጊዜ ሠላሳ ሰከንድ ወይም ከዚያ በታች ሲሆን መጠለያ ውስጥ ሆኖ መገኘት ይገባል፤ ሊጀመር የሚገባው ጉዞ ደግሞ ከዚያ በፊት ነው።

ቀይ ልብስ ወይም በኪስ ያለ ሞባይል መብረቅ ይስባል የሚባል ነገር አለ። መብረቅ ቀለም አይመርጥም፤ ትንሽ ብረትም ከመቶ ሜትሮች በላይ የሚወርደውን ጭረት አይጠራውም። የሚወስነው ከፍ ብሎ፣ ሾጠጥ ብሎና ተነጥሎ መቆም ነው። ረጅም ብረትን፣ ሽቦን ወይም ቧንቧን መንካት ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ ሩቅ የወደቀውን መብረቅ እስከ እጅ ድረስ ያመጣዋል።

መብረቅ ሰውን በቀጥታ የሚመታው ጥቂት ጊዜ ነው። ከሁሉ የሚበዛው ጉዳት የሚደርሰው በመሬት በኩል ነው። ዛፍ የመታ መብረቅ ከሥሩ ተነሥቶ በአፈሩ ውስጥ ወደ ዙሪያው ይሠራጫል፤ ቮልቱም ከዛፉ በራቀ ቁጥር ይቀንሳል። ሁለት እግሩን አራርቆ የቆመ ሰው አንዱ እግሩ ከፍተኛ፣ ሌላው ዝቅተኛ ቮልት ላይ ስለሚሆን ኤሌክትሪኩ በአንዱ ገብቶ በሌላው ይወጣል። ከብት የሚብስበት ለዚህ ነው፤ በፊትና በኋላ እግሩ መካከል ከአንድ ሜትር በላይ ርቀት አለ፤ ኤሌክትሪኩም የሚያልፈው በልቡ በኩል ነው። ከአንድ ግራር ሥር የተጠለለ መንጋ በአንድ ምት የሚያልቀው እያንዳንዱ ስለተመታ ሳይሆን ሁሉም በአንድ መሬት ላይ ስለቆመ ነው። ሁለተኛው መንገድ ደግሞ ከዛፉ ግንድ ተወርውሮ አጠገቡ ወዳለው ሰው መዝለል ነው። የሰው አካል ከእንጨት ይልቅ ኤሌክትሪክ ስለሚያሳልፍ ግንዱን የተደገፈ ሰው የተሻለ መንገድ ሆኖ ይገኛል።

በይፋት ከዛፍ እኩል የሚያሠጋው ማማ ነው። ማሽላው ሲያሸት ወፍ የሚጠብቁ ልጆች በማሳው መካከል በተተከለ የእንጨት ሰገነት ላይ ይውላሉ። ማማው ከአዝመራው ሁሉ በላይ ስለሚሆን በሜዳው ላይ ከፍ ብሎ የቆመው ብቸኛ ነገር እሱ፣ በእሱም ላይ የልጁ ራስ ነው። ደመናው ከደብረ ሲና በኩል ሲጠቁር ልጁ ነጎድጓዱን ሳይጠብቅ መውረድና ወደ ቤት መሄድ አለበት። ወርዶ ከማማው ሥር መጠለል ከዛፍ ሥር እንደመቆም ነው። በበልግ ጥማድ በሬ ይዞ የሚያርስ ገበሬም፣ ሽንኩርት የሚያጠጣ ሰውም እንደዚሁ ማረሻውን ወይም ሞተሩንና ቧንቧውን እዚያው ትቶ መሄድ ይገባዋል። የሽቦ አጥር ጥግ መያዝም አደገኛ ነው።

ወዴት ይኬዳል የሚለው ጥያቄ በገጠር ቀላል መልስ የለውም። የሳር ቤትና የጭቃ ጎጆ ከዝናብ ያስጠልላሉ እንጂ ከመብረቅ አያድኑም። የዓለም ሜትሮሎጂ ድርጅት በመዝገቡ የያዘው በአንድ የመብረቅ ምት በቀጥታ የሞተው ትልቁ የሰው ቁጥር 21 ነው፤ ሰዎቹ እ.ኤ.አ. በ1975 በዛሬዋ ዚምባብዌ ውስጥ በአንዲት ጎጆ ተሰብስበው ከነጎድጓድ ተጠልለው ነበር። ጣሪያው ቆርቆሮ የሆነ፣ ግድግዳው ግን ጭቃና እንጨት የሆነ ቤት ከሳር ቤት ቢሻልም፣ ኤሌክትሪኩን ከቆርቆሮው ወደ መሬት የሚያወርድ ሽቦ ከሌለው ምቱ በግድግዳው ወይም በምሰሶው በኩል ይወርዳል። እዚያ ያለ ሰው ከግድግዳ፣ ከምሰሶና ከበር ርቆ መካከል ላይ ቢቀመጥ አደጋውን ይቀንሳል። የኤሌክትሪክና የውሃ መስመር የገባበት የብሎኬት ወይም የኮንክሪት ሕንፃ፣ ለምሳሌ ትምህርት ቤት ወይም ጤና ጣቢያ፣ ከሁሉ ይሻላል፤ ሽቦውና ቧንቧው ምቱን ወደ መሬት ስለሚያወርዱት። በዚያ ሰዓት ግን እነሱን መንካት አይገባም።

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ አጠገብ ያለ ሰው ሌላ አማራጭ አለው። ጣሪያውና ጎኑ ብረት የሆነ፣ መስኮቱ የተዘጋ መኪና ወይም ሚኒባስ ጥሩ መጠለያ ነው። የሚጠብቀው ጎማው እንዳይመስል፤ ከደመና መሬት ድረስ የዘለለን መብረቅ አንዲት ስንዝር ጎማ አታግደውም። የሚያድነው ኤሌክትሪኩ በብረቱ ውጫዊ ገጽ ላይ ፈስሶ ወደ መሬት ስለሚያልፍ ነው። ስለዚህ ሸራ የለበሰ ባጃጅ፣ ሞተር ብስክሌትና የአይሱዙ ክፍት ጭነት መጫኛ ይህን ጥቅም አይሰጡም።

ሜዳ ላይ ምንም መጠለያ በሌለበት የተያዘ ሰው ፍጹም ደህና የሚሆንበት ዘዴ የለም፤ የሚደረገው ሁሉ ዕድልን ማሻሻል ነው። ከጉብታና ከገደል አፋፍ ወደ ዝቅተኛ ቦታ መውረድ፣ ከብቸኛ ዛፍ መራቅ፣ ዣንጥላን ማጠፍ፣ ረጅም ብረት ከትከሻ ማውረድ ይጠቅማል። ቁመታቸው የተቀራረበ ቁጥቋጦዎች ከብቸኛ ዛፍ ይሻላሉ። አብረው የሚሄዱ ሰዎች ሃያ ሠላሳ ሜትር ያህል ቢራራቁ አንዱ ምት ሁሉንም አያገኝም፤ ከተጎዳ ሰው ውጭ የቀረ ረዳትም ይኖራል። መሬት ላይ መተኛት ስህተት ነው፤ ከራስ እስከ እግር ያለው ርዝመት በመሬት ለሚሠራጨው ኤሌክትሪክ ራስን ማስፋት ነው። ሁለት እግርን ገጥሞ ቁጢጥ ማለት የሚመከረው መሄጃ በማይኖርበት፣ ፀጉር ሲቆም ወይም ቆዳ ሲነዝር ብቻ ነው። ቤት ወይም መኪና የሚደረስበት ከሆነ ግን ቁጢጥ ብሎ ጊዜ ከማጥፋት ወደዚያ መሮጥ ይበልጣል።

መብረቅ የመታው ሰው በአካሉ ውስጥ ኤሌክትሪክ ይዞ አይቀርም፤ የሚነካውን አይጎዳም። ይህን ባለማወቅ ሰዎች ሲርቁ የሚያልፉት ደቂቃዎች ነፍስ ያስከፍላሉ። ምቱ ልብንም ትንፋሽንም በአንድ ጊዜ ሊያቆም ይችላል። ልብ ብዙ ጊዜ ራሷ ትነሣለች፤ ትንፋሹ ግን ስለሚዘገይ ልብ እንደገና በአየር እጥረት ትቆማለች። ስለዚህ ብዙ ሰዎች በአንድ ጊዜ ሲመቱ ቅድሚያ የሚሰጠው ለሚጮኸው ሳይሆን የሞተ ለሚመስለው ነው። የማይተነፍሰውን ሰው በጀርባው አጋድሞ ደረቱን መካከሉ ላይ በሁለት እጅ አምስት ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ታች እየተጫኑ፣ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ መደጋገም ያስፈልጋል፤ የሚያውቅ ሰው ካለ በየሠላሳው ጭነት መካከል ሁለት ጊዜ በአፍ ትንፋሽ ይሰጣል። ይህ እየተደረገ ሌላው ሰው ወደ ጤና ጣቢያ መልእክት ይልካል። በእግሩ ተነሥቶ የሄደውም ቢሆን መታየት አለበት፤ የጆሮ ታምቡር መቀደድ፣ የልብ ምት መዛባትና የመርሳት ችግር በኋላ ሊገለጡ ይችላሉ።

ዝናቡ ማባራቱ አደጋው ማለፉን አያሳይም። በሚከስመው ደመና አናት የቀረው ሙል አልፎ አልፎ መምታቱን ስለሚቀጥል፣ ከመጨረሻው ነጎድጓድ በኋላ ሠላሳ ደቂቃ መጠበቅ ይገባል፤ መካከል ላይ አንድ ድምፅ ከተሰማ ቆጠራው እንደገና ይጀምራል። ከብት ይዞ ወደ ማዶ ለሚሻገር ሰው ደግሞ ሌላ ጉዳይ ይቀረዋል። በምዕራብ ባሉት ተራሮች ላይ የወረደው ዝናብ በሮቢና በጀውሃ ወንዞች ወደ ቆላው የሚደርሰው ዘግይቶ ነው፤ ሜዳው ላይ ጠብታ ሳይወርድ ደራሽ ውሃ ሊመጣ ይችላል። ውሃው በድንገት ከደፈረሰ፣ ቅጠልና እንጨት ይዞ መውረድ ከጀመረ ወይም ከላይ በኩል ድምፅ ከተሰማ፣ ሰውም ከብትም ከወንዙ ወጥቶ ከፍ ካለ ዳር ላይ ውሃው እስኪጎድል ይቆያል።